እናቴ መፈረም አልቻለችም፤ ፍርድ ቤት ምን ብዬ ልሂድ?

«እናቴ 79 ዓመቷ ነው። የመርሳት በሽታ ከያዛት አምስት ዓመት ሊሆናት ነው፤ አሁን እኔን እንኳ የምታውቀኝ አልፎ አልፎ ነው። አብሬያት የምኖረው እኔ ነኝ። ቤቱ በእሷ ስም ነው፤ ሁለት ክፍል ተከራይቶ በወር 14,000 ብር ያስገባል። ባንክ ደግሞ ወደ 300,000 ብር አላት፤ ግን አንድ ብር ማውጣት አልቻልኩም። አስታማሚ በወር 9,000 እከፍላለሁ፣ መድኃኒትና ዳይፐር 4,500፣ ምግብና መብራት ወደ 6,000 ይወስዳል። ውክልና እንድትሰጠኝ ውልና ማስረጃ ወስጃት ነበር፤ ሠራተኛዋ ለምን እንደመጣች ስትጠይቃት መመለስ አቃታትና ‹ፍርድ ቤት ሂዱ› ተባልን። ሁለት ወንድሞች አሉኝ። አንዱ ውጭ አገር ነው፣ ይስማማል። እዚህ አዲስ አበባ ያለው ግን ‹ቤቱን ልትወስጂው ነው› ይለኛል። ፍርድ ቤት ምን ብዬ ነው የምሄደው? ምንስ ይዤ?»

ግራ የገባት ልጅ፣ ከአዲስ አበባ

እህታችን፣ ሠራተኛዋ የመለሰቻችሁ በትክክል ነው። ውክልና የሚጸናው ሰጪው ምን እየሰጠ እንደሆነ ሲረዳ ብቻ ነው፤ ያንን ማጣራት ደግሞ የእሷ ሥራ ነው። እንዲያውም ሳታጣራ አሳልፋው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ወንድምዎ የሚይዘው ጥሩ ክስ በሆነ ነበር። «ያኔ ገና ደህና ሳሉ ውክልና ብንቀበል ኖሮ» ብለውም አይቆጩ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2232 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ወካዩ ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቀራል። በእጅዎ የቆየ ወረቀት ቢኖር እንኳ አሁን እሱን ይዞ ባንክ መሄድ ራስን ለጥያቄ ማጋለጥ ነው።

የሚሄዱበት መንገድ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ላይ አለ። ሕጉ በእርጅና ወይም በአእምሮ ሕመም ምክንያት የሚሠራውን ሥራ ውጤት መረዳት ያልቻለን ሰው «አእምሮው የጎደለ» ይለዋል (ቁጥር 339)። ስሙ ለጆሮ ይከብዳል፤ ግን አቤቱታው ላይ ይኼንኑ ቃል መጠቀም ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ዳኛው የሚፈልገው የሕጉን መስፈርት ነው። ከዚያ ቁጥር 351 ላይ እንደተቀመጠው የሰውየው ጤናና ጥቅም የሚጠይቅ ሲሆን ፍርድ ቤቱ «በፍርድ የተከለከለ» ብሎ ይወስናል። ትርጉሙ ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትዎ ውል መፈረም፣ መሸጥ፣ መለወጥ፣ ገንዘብ ማውጣት በራሳቸው አይችሉም፤ በምትካቸው የሚሠራላቸው ሰው በፍርድ ቤት ይሾማል ማለት ነው። ይኼን የመጠየቅ መብት ያላቸው ራሳቸው ታማሚው፣ የትዳር ጓደኛ፣ የሥጋና የጋብቻ ዘመዶች እንዲሁም ዓቃቤ ሕግ ናቸው (ቁጥር 353)። ልጅ ስለሆኑ እርስዎ መጠየቅ ይችላሉ። ጎረቤት ወይም የንስሐ አባት ግን ምስክር ይሆናሉ እንጂ አመልካች አይሆኑም።

ብዙ አቤቱታ የሚሰናከለው በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ «ዳኝነት» በሚለው ክፍል ነው። ሰው በዘልማድ «የእናቴ ሞግዚት ሆኜ እንድሾም» ብሎ ብቻ ይጠይቃል። ይህ አይበቃም። ለአዋቂ ሰው ሞግዚት የሚሾመው በቅድሚያ በፍርድ ከተከለከለ ነውና፣ መከልከሉን ካልጠየቁ ዳኛው ወይ አሻሽለሽ አቅርቢ ይላል፣ ወይ መዝገቡን ይዘጋዋል። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ሹመቱን ብቻ የያዘ ትእዛዝ ተሰጥቶ ባንኩ ሲደርሱ የሕግ ክፍሉ «እናትሽ ችሎታ የላቸውም የሚል ውሳኔ የት አለ?» ብሎ የሚመልስዎት ጊዜ ነው።

ሁለተኛው የሚዘነጋ ነገር ሥልጣኑ በሁለት የተከፈለ መሆኑ ነው። አሳዳሪ የሚባለው ስለ ሰውነታቸው የሚያስብ ነው፦ የት ይኖራሉ፣ ማን ያስታምማቸዋል፣ የትኛው ሐኪም ያያቸዋል። ሞግዚት የሚባለው ደግሞ ንብረቱን የሚያስተዳድርና በፍርድ ቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት የሚወክል ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፤ ፍርድ ቤቱ ለሁለት ሰውም ሊከፍለው ይችላል። በንግግር ሁሉንም «ሞግዚት» ስለምንለው ብዙ ሰው አንዱን ብቻ ጠይቆ ይወጣል፤ ከዚያ ሆስፒታል ለቀዶ ሕክምና ፈቃድ ፈራሚ ሲጠይቅ ወይም ባንክ ሥልጣን ሲጠይቅ ክፍተቱ ይታያል። ስለዚህ የጥያቄዎ መጨረሻ በግምት እንዲህ ይነበብ፦

«እናታችን ወ/ሮ እገሌ በመርሳት በሽታ ምክንያት የሚሠሩትን ሥራ ውጤት መረዳት የማይችሉ ስለሆነ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 339 እና 351 መሠረት በፍርድ የተከለከሉ መሆናቸው እንዲወሰን፤ አመልካች አሳዳሪና ሞግዚት ሆኜ እንድሾም፤ በእናታችን ስም ያለው የባንክ ሒሳብ ለእንክብካቤያቸው ብቻ በእኔ እንዲንቀሳቀስና ኪራዩን እንድሰበስብ ለባንኩና ለሚመለከታቸው ሁሉ ትእዛዝ እንዲተላለፍልኝ።»

የባንኩን ስም፣ ቅርንጫፉንና የሒሳቡን ቁጥር በግልጽ ይጻፉ። «በማናቸውም ባንክ ያለ ገንዘብ» የሚል ትእዛዝ ወረፋ ላይ አያስተናግድም።

ቤት መሸጥን እዚህ አያስገቡ። አሁን የሚያስፈልግዎት አይደለም፤ ወንድምዎ የሚፈራውም እሱን ነው። ቋሚ ንብረት መሸጥም ሆነ በእሱ መበደር ሞግዚት በራሱ ሥልጣን የሚያደርገው ነገር አይደለም፤ በየጊዜው ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድን ይጠይቃል። ይህን በአቤቱታዎ ላይ በገዛ ቃልዎ ቢጽፉት፣ ማለትም «ቤቱን ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ ፈቃድ አልጠይቅም» ቢሉ፣ ከማንኛውም የቃል ማረጋገጫ በላይ ይረዳዎታል።

የት ነው የሚከፈተው ለሚለው፦ በአዲስ አበባ እንዲህ ያለው የሞግዚትነት አቤቱታ የሚቀርበው ለከተማው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፤ እናትዎ በሚኖሩበት አካባቢ ያለውን ምድብ ችሎት ይመልከቱ። ከመጻፍዎ በፊት አንድ ቀን ሬጅስትራር ዘንድ ቀርበው መዝገቡ እዚያው እንደሚከፈትና ስንት ቅጂ እንደሚፈልጉ ይጠይቁ፤ በሥልጣን ጉዳይ ሲመለሱ የሚያጠፉት ጊዜ ከሁሉም ይበልጣል። ይህን ጽሑፍ በክልል ሆነው የሚያነቡ ደግሞ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው፣ በወረዳው ፍርድ ቤት ያንን ሕግ ይጠይቁ፤ አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚሠራባቸው በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው።

ከአቤቱታው ጋር የሚያያዘው ወረቀት ብዙ አይደለም፤ ግን አንዱ ከጎደለ ቀጠሮ ይሰበራል። የእርስዎና የእናትዎ መታወቂያ፣ ልጅ መሆንዎን የሚያሳይ የልደት ምስክር ወረቀት ወይም የወረዳው ማስረጃ፣ የአባትዎ የሞት ምስክር ወረቀት (የትዳር ጓደኛ አለመኖሩ በዚህ ይታወቃልና)፣ የቤቱ ካርታ ቅጂ፣ የኪራይ ውሎቹ፣ የባንክ ደብተሩ ቅጂ። በአቤቱታው ላይ የገለጹት ፍሬ ነገር እውነት መሆኑን የሚያረጋግጥ ቃለ መሐላም ይያያዛል። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ነገር፦ ሦስቱንም ልጆች በስም ይጥቀሱ። «ከእኔ ሌላ የሚንከባከባት የለም» ማለትና «ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም» ማለት አንድ አይደለም። ወንድምን ደብቆ የተገኘ ትእዛዝ፣ ወንድምየው ባወቀ ቀን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 358 መሠረት መቃወሚያ ያቀርብበትና ይሰረዛል፤ በሐሰት የተማለበት ቃለ መሐላም በወንጀል ያስጠይቃል።

አሁን ወደ ሕክምናው ማስረጃ እንምጣ፤ መዝገቡ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነውና። በእጅዎ ያለው ምናልባት «ታማሚዋ የመርሳት በሽታ አለባቸው፣ ክትትል ላይ ናቸው» የሚል አጭር ወረቀት ይሆናል። ለዳኛው ይኼ ምንም አይነግረውም። በሽታው ያለባቸው ብዙ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገንዘባቸውን ያዛሉ፣ ፊርማቸውም ይጸናል። ፍርድ ቤቱ ማወቅ የሚፈልገው የበሽታውን ስም ሳይሆን ችሎታቸውን ነው። ስለዚህ የሚከታተላቸውን የነርቭ ወይም የአእምሮ ሐኪም ሲጠይቁ፣ ማስረጃው እነዚህን ነገሮች እንዲመልስ ይንገሩት፦ በምን ቀን መረመራቸው፣ ከመቼ ጀምሮ በክትትል ላይ ናቸው፣ ሕመሙ እየጨመረ የሚሄድ ነው ወይስ የሚመለስ፣ ቀንና ቦታን፣ ቤተሰባቸውን ያውቃሉ ወይ፣ ገንዘብ መቁጠርና የውልን ትርጉም መረዳት ይችላሉ ወይ፣ ራሳቸውን መመገብና መልበስስ? የማስታወስ ፈተና ተሰጥቷቸው ከሆነ ውጤቱ ከስንት ስንት እንደሆነ ይጻፍ።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። እናትዎ በሽንት ቧንቧ ወይም በሳንባ ኢንፌክሽን ታመው ሆስፒታል በተኙበት ሳምንት የተጻፈ ማስረጃ ደካማ ነው፤ አረጋውያን በትኩሳት ጊዜ ክፉኛ ይቃዣሉ፣ ሲድኑም ይመለሳሉ። ተቃዋሚ ጠበቃ ካለ የመጀመሪያ ጥያቄው ይኼ ነው። ደህና በሆኑበት ወቅት ይመርመሩ፤ ሐኪሙም የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረትና የመንፈስ ጭንቀት አለመሆኑን እንዳጣራ ቢጽፍ ያጠነክረዋል። ከግል ክሊኒክ ያመጡት ወረቀት ለመዝገብ መክፈቻ ይረዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ፍርድ ቤቱ ብዙ ጊዜ ራሱ ለመንግሥት ሆስፒታል ደብዳቤ ጽፎ በሐኪሞች ቦርድ እንዲታዩ ያዛል። ይኼን እንደ እንቅፋት አይዩት። እንዲያውም የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ እርስዎ ራስዎ ቢጠይቁ አንድ ቀጠሮ ያተርፋሉ። ደብዳቤውን ተቀብለው ሆስፒታሉ ላይ ቀን ማስያዝና ውጤቱ ለችሎቱ መድረሱን መከታተል የእርስዎ ሥራ ነው፤ ካልተከታተሉት መልሱ ሳይመጣ ቀጠሮው ይደርስና «መልስ አልቀረበም» ተብሎ እንደገና ይቀጠራል።

ምስክሮች ሁለት ወይም ሦስት ይበቃሉ። ከንብረቱ ምንም የማያገኙ ሰዎች ይምረጡ፦ ተከራይ፣ ጎረቤት፣ የዕድር ጓደኛ፣ አስታማሚዋ። ደካማ ምስክርነት ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ «አእምሯቸው ጠፍቷል፣ ማንንም አያውቁም»። ይኼ ድምዳሜ ነው እንጂ ምስክርነት አይደለም። ጠንካራው ያዩትን መናገር ነው። ለምሳሌ ተከራይዋ «ኪራይ በእጃቸው ሰጥቻቸው ከሰዓት በኋላ ‹አልከፈልሽም› ብለው መጡ፤ ገንዘቡን ትራሳቸው ሥር ከልጃቸው ጋር አገኘነው» ብትል፣ ወይም ጎረቤት «በሌሊት ልብስ ወጥተው ‹ወደ ቤቴ ውሰዱኝ› ሲሉ ከበራቸው ላይ ነበሩ» ቢል፣ ዳኛው የቁጥር 339ን መስፈርት በዓይኑ እንዳየው ይሆንለታል። ወሩንና ዓመቱን እንዲያስታውሱ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ቃላቱን ግን አያስጠኗቸው።

ፍርድ ቤቱ እናትዎን ማየት ይፈልጋል። ቁጥር 354 ስለ ምርመራው ሲናገር፣ ሰውየው ችሎት መቅረብ የማይችል ከሆነ ከዳኞቹ አንዱ ወይም ፍርድ ቤቱ የመደበው ባለሙያ ሄዶ እንዲያየው ያደርጋል። ከአልጋ መነሣት የማይችሉ ከሆነ ይህን የሚጠይቅ አንድ አንቀጽ ከሐኪም ወረቀት ጋር ከመጀመሪያው ይግባ። መቅረብ ከቻሉ ግን ይዘዋቸው ይምጡ፤ ዳኛ በራሱ ዓይን ያየው ነገር በመዝገቡ ካለው ወረቀት ይበልጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብን የሚያስደነግጥ ነገር አለ። የመርሳት በሽታ የጠናባቸው አረጋውያን የጨዋ ሰላምታን አይረሱም። ዳኛው «እማማ እንዴት ነዎት?» ሲላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ ደህና ናችሁ? ልጆችህ ደህና ናቸው?» ብለው ሊመልሱና ለሁለት ደቂቃ ፍጹም ጤነኛ ሊመስሉ ይችላሉ። ወንድምዎ ያኔ «ይኸው ደህና ናት» ቢል አይደንግጡ፤ እናትዎን በችሎት አይጎትጉቷቸው፣ «አታስታውሺም እንዴ?» አይበሏቸው። ዳኛው ቀጥሎ ስንት ልጅ እንዳላቸው፣ ባለቤታቸው የት እንዳሉ፣ ዛሬ ለምን እንደመጡ፣ ኪራዩ ስንት እንደሆነ ሲጠይቃቸው መልሱ ራሱ ይናገራል። ቀጠሮውን ከሰዓት በፊት እንዲያደርግልዎት ይጠይቁ፤ ወደ ማታ ሲሆን ብዙዎቹ ይረበሻሉ፣ ያለ አግባብም ያለቅሳሉ፤ ክብራቸው እንዲጠበቅ ችሎቱ በጽሕፈት ቤት እንዲያያቸው መጠየቅም ይቻላል።

ወንድምዎን በተመለከተ ምክራችን ከመደበቅ ተቃራኒው ነው። በአቤቱታዎ ላይ አድራሻውን ይጻፉና ፍርድ ቤቱ ጠርቶ አስተያየቱን እንዲሰማ ራስዎ ይጠይቁ። በሦስት ምክንያት። በመዝገቡ ላይ ተሰምቶ የተወሰነበትን ነገር በኋላ በመቃወሚያ ለማፍረስ በር ይዘጋበታል። መቃወም የሚፈልገው ምኑን እንደሆነ ግልጽ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙን ሳይሆን ተሿሚውን ነው። ሦስተኛው፣ ፍርሃቱ በወረቀት ሊመለስ የሚችል ነው። ለዚህ አንድ ገጽ የወጪ ዕቅድ ከአቤቱታው ጋር ያያይዙ። በሰጡን ቁጥር ሲሰላ የወር ወጪው 9,000፣ 4,500ና 6,000 ተደምሮ 19,500 ብር ነው፤ ኪራዩ 14,000 ያስገባል፤ በየወሩ 5,500 ብር ይጎድላል። ያንን ከባንክ ቢያወጡ 300,000ው ብር ዋጋ ባይጨምር አራት ዓመት ተኩል ያህል ይቆያል። ይህን የሚያይ ዳኛ የገንዘቡን ልክ ያውቃል፤ ወንድምዎም ቤቱን ለመሸጥ የሚያስቸኩል ምክንያት እንደሌለ ያያል። በወር ከዚህ በላይ ማውጣት ቢያስፈልግ ፍርድ ቤቱን አስፈቅጄ ነው ብለው ጣሪያውን በራስዎ ያስቀምጡ።

ካልተስማማ ደግሞ ሥልጣኑን መክፈል ይታሰብ፦ እርስዎ አሳዳሪ፣ እሱ ሞግዚት። ፍትሐዊ ይመስላል፤ ሆኖም ከሱ የሚከተለውን ይወቁ። ዳይፐር የምትገዛው እርስዎ፣ ገንዘቡን የሚያወጣው እሱ ከሆነ፣ የእናትዎ ኑሮ በሁለታችሁ ስልክ መነሣትና አለመነሣት ላይ ይወድቃል። መክፈሉ የሚሠራው የወር ገንዘቡ ቁርጥ ሆኖ በትእዛዙ ላይ ከተጻፈ ብቻ ነው፤ «በየወሩ መጀመሪያ ይህን ያህል ብር ለአሳዳሪዋ ይስጥ» ተብሎ። ከመክፈል ይልቅ እኛ የምንመርጠው ግን እርስዎ ሁለቱንም ይዘው፣ ወንድምዎ በየስድስት ወሩ የባንኩን መግለጫና ደረሰኞቹን እንዲያይ በትእዛዙ ላይ እንዲጻፍ መጠየቅን ነው።

ውጭ ያለው ወንድምዎ ስምምነቱን በኢሜይል ወይም በድምፅ መልእክት ቢልክ ዋጋ የለውም። ባለበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርቦ የተረጋገጠ ሰነድ ይላክ፤ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ያልፍና ይያያዛል። ቃሉ አጭር ይሁን፦ የእናቱን ሕመም እንደሚያውቅ፣ እህቱ አሳዳሪና ሞግዚት ብትሆን እንደማይቃወም። «ሥልጣኔን ሰጥቻታለሁ» የሚል ውክልና አያስፈልግም፤ እናትዎ ላይ የሚሰጠው ሥልጣን የለውምና።

ውሳኔው ሲሰጥ በእጅ የሚይዙት የዳኛው ቃል ሳይሆን ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ ነው። ከሦስት ያላነሰ ያውጡ፤ አንዱን ባንኩ ያስቀራል፣ አንዱ ለሌላ መሥሪያ ቤት፣ አንዱ ከእርስዎ አይለይ። ከችሎቱ ሳይርቁ ስሞቹንና የሒሳብ ቁጥሩን አንድ በአንድ ከመታወቂያው ጋር ያስተያዩ። የእናትዎ የአያት ስም በባንክ ደብተሩ ላይ አንድ ፊደል ቢለይ ትእዛዙ ባንኩ ላይ ይቆማል፤ ስሕተቱን ለማስተካከል ደግሞ ሌላ ማመልከቻና ሌላ ቀጠሮ ይጠይቃል። ለሦስተኛ ወገኖች እንዲታወቅ ፍርድ ቤቱ ማስታወቂያ እንዲወጣ ካዘዘ ቶሎ ይፈጸም፤ ለካርታ ሰጪው መሥሪያ ቤትም ግልባጩን ያስገቡ። ከዚያ በኋላ ማንም መጥቶ እናትዎን ወረቀት ላይ አውራ ጣት ቢያስነካቸው፣ ይዞታው ላይ የተከለከሉ መሆናቸው ይታያል።

ገንዘቡን ከራስዎ ገንዘብ ጋር አያቀላቅሉ። ኪራዩ በእናትዎ ሒሳብ ይግባ፣ ለወጪው ከዚያው ይውጣ፣ ለእያንዳንዱ ደረሰኝ ይያዝ። የአስታማሚዋን ደመወዝ በባንክ ይክፈሉ፤ በእጅ ከሆነ ፊርማ ይቀበሉ። ፍርድ ቤቱ በማንኛውም ጊዜ ሒሳብ አቅርቢ ሊል ይችላል፤ ሞግዚት ከሥልጣኑ የሚነሣበት የተለመደ መንገድም ይኼው ነው፦ ስርቆት ሳይሆን ደረሰኝ አለመኖር።

ከውሳኔው በፊት ስለተፈረሙ ነገሮች አልጠየቁንም፤ ግን ወንድምዎ በዚህ መካከል አንድ ወረቀት ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ማወቅ አለብዎት። በፍርድ ያልተከለከለና በሆስፒታል ያልነበረ ሰው የፈረመው ውል ለማፍረስ ቀላል አይደለም፤ በቁጥር 347 መሠረት በፈረሙበት ሰዓት ጉድለት የሌለበት ፈቃድ መስጠት የማይችሉ እንደነበር ማሳየት ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ሐኪሙ ከመቼ ጀምሮ በክትትል ላይ እንደሆኑ እንዲጽፍ ያሳሰብነው፤ የሆስፒታሉን የቆየ ካርድም እንዳይጠፋ ቅጂ ያውጡበት። ደህና ሳሉ ያደረጉት ኑዛዜ ካለ በመከልከላቸው አይፈርስም። ከተከለከሉ በኋላ ግን አዲስ ኑዛዜ አድርጉ ብሎ ማንም እንዳያስፈርማቸው፤ የቆየው ኑዛዜ ግን እንዳይጠፋ በጥንቃቄ ይቀመጥ።

አንድ የመጨረሻ ነገር ስለ ጊዜ። አቤቱታ ሳይቀርብ እናትዎ ቢያርፉ፣ በፍርድ መከልከል ከሞት በኋላ አይጠየቅም፤ ነገሩ በቀጥታ ወደ ውርስ ይዞራል። ከተሾሙ በኋላ ቢያርፉም በዚያው ቀን ሥልጣንዎ ያበቃል። ለቀብርና ለተዝካር ከሒሳቡ ማውጣት የሚፈልጉ ሞግዚቶች በትእዛዙ ተማምነው ባንክ ሲሄዱ የሞቱን ቀን ሳይናገሩ ያወጣሉ፤ ወራሾች ከዚያ በኋላ ይጠይቋቸዋል። ያኔ የሚያስፈልገው በሦስታችሁ ስም የሚወጣ የወራሽነት ማረጋገጫ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ለወጪው ከኪሳችሁ አውጥታችሁ ደረሰኙን ያዙ።